የላፕቶፕ ባትሪ ይቀየር ወይስ ይቆይ? ከመግዛታችሁ በፊት የሚሠራ ሒሳብ

ላፕቶፕ ቻርጅ አልይዝ ሲል ብዙዎቻችን ቶሎ የምንደርስበት ፍርድ "ባትሪው አልቆለታል" የሚል ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። አንዳንዴ ግን አዲስ ባትሪ ተገዝቶ፣ ተገጥሞ፣ ላፕቶፑ ያው ከሦስት ሰዓት ብዙም አያልፍም። ባትሪው አርጅቶ ነበር፤ ግን ኃይሉን የሚጨርሰው ሌላ ነገር ነበር።

ስለዚህ ሁለት ቁጥር ያስፈልጋችኋል። አንደኛው ባትሪው ዛሬ ምን ያህል ኃይል እንደሚይዝ ነው። ሁለተኛው ላፕቶፑ በሰዓት ምን ያህል እንደሚበላ ነው። ሁለቱም ከራሱ ከኮምፒውተሩ ይገኛሉ፤ ምንም ፕሮግራም መጫን አያስፈልግም። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን የሳይክል ነገር እንጨርሰው።

## ሳይክል የሚቆጠረው እንዴት ነው?

ቻርጀር በሰካችሁ ቁጥር አንድ ሳይክል አይቆጠርም። ከባትሪው የወጣው ኃይል ተደማምሮ አንድ ሙሉ ባትሪ ሲያክል ነው አንድ የሚባለው። ዛሬ ከ100% ወደ 60% አወረዳችሁና መልሳችሁ ሞላችሁት እንበል። 40% ሄደ። ነገም እንደዚያው፣ ሌላ 40%። ከነገ ወዲያ 20% ብቻ ተጠቀማችሁ። ሦስት ጊዜ ቻርጅ ተደርጓል፣ የተቆጠረው ሳይክል ግን አንድ ነው።

ስለዚህ "ቶሎ ቶሎ ስሰካው ሳይክሉን እጨርሰዋለሁ" የሚለው ስጋት መሠረት የለውም። እንዲያውም ባትሪው እስከ 5% ድረስ ወርዶ ከሚሞላ ይልቅ ከ40% ወደ 80% ሲመላለስ ለተመሳሳይ የኃይል መጠን የሚያረጀው በትንሹ ነው። "መጀመሪያ ሙልጭ አድርገህ ጨርሰው፣ ከዚያ ቻርጅ አድርገው" የሚለው ምክር ከድሮዎቹ የኒኬል ባትሪዎች የቀረ ነው። ለዛሬዎቹ የሊቲየም አዮን ባትሪዎች ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

ብዙ የላፕቶፕ ባትሪዎች ከ300 እስከ 500 ሳይክል ድረስ ከመጀመሪያ አቅማቸው 80% ያህል እንዲይዙ ተደርገው ይሠራሉ። አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ የዘመናዊዎቹ ማክቡኮች፣ እስከ 1000 ሳይክል ተብለዋል። ይህ ቁጥር የሞት ቀን አይደለም። 501ኛው ሳይክል ላይ ምንም የሚፈነዳ ነገር የለም። አምራቹ "እስከዚህ ድረስ ከ80% በታች መውረድ የለበትም" ብሎ ያሰበበት ልክ ነው።

## ተሰክቶ የሚውል ላፕቶፕም ያረጃል

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ሳይክል ብቻ እያየ የሚወስን ሰው የሚታለለው እዚህ ነውና።

ቻርጅ ሲደረግ የሊቲየም አዮኖች ከአንዱ የባትሪ ወገን ተነስተው ወደ ሌላኛው፣ ግራፋይት ወደሆነው ወገን ይገባሉ። ስንጠቀም ይመለሳሉ። ግራፋይቱ ላይ በመጀመሪያዎቹ ሙሌቶች ስስ ሽፋን ይፈጠራል። ሽፋኑ የግድ ያስፈልጋል፤ እሱ ባይኖር ውስጡ ያለው ፈሳሽ እየተበላሸ ይቀጥላል። ችግሩ ሽፋኑ ማደጉን አለማቆሙ ነው። ባደገ ቁጥር ጥቂት ሊቲየም ይዞ ይቀራል። ያ ሊቲየም ከዚያ በኋላ አይመላለስም፤ ባትሪው የሚይዘው ኃይልም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ይህ ሽፋን የሚያድገው ባትሪው ሥራ ላይ ሲሆን ብቻ አይደለም። ቁጭ ብሎም ያድጋል። የሚያፋጥኑት ሁለት ነገሮች ሙቀትና ሙሉ ቻርጅ ናቸው። አንድ የባትሪ ሴል 100% ሲሞላ ቮልቴጁ 4.2 አካባቢ ይደርሳል፣ በአንዳንዶቹ ከዚያም ያልፋል። በዚያ ከፍታ ላይ፣ በሚሞቅ ላፕቶፕ ውስጥ፣ ቀኑን ሙሉ መቆየት ለባትሪ ከባድ ነው። ለዚህ ነው ጠረጴዛ ላይ ተሰክቶ ሁለት ሦስት ዓመት የኖረ ላፕቶፕ 40 ሳይክል ብቻ አስቆጥሮ ባትሪው ደካማ ሆኖ የሚገኘው። ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ ሻጩ "ሳይክሉ ገና ነው" ካላችሁ ደስ አይበላችሁ፤ የሚይዘውን አቅም ጠይቁ።

## ደረጃ 1፦ ባትሪው ዛሬ የሚይዘውን ማወቅ

ዊንዶውስ ከሆነ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍታችሁ ይህን ጻፉ፦

```
powercfg /batteryreport
```

ኮምፒውተሩ `battery-report.html` የሚባል ፋይል ሠርቶ የት እንዳስቀመጠው ይነግራችኋል። በብራውዘር ክፈቱት። ከላይ አካባቢ `Installed batteries` በሚለው ሥር ሦስት መስመሮች ፈልጉ፦ `DESIGN CAPACITY`፣ `FULL CHARGE CAPACITY` እና `CYCLE COUNT`። የመጀመሪያው ባትሪው አዲስ እያለ እንዲይዝ የታሰበው ነው። ሁለተኛው ዛሬ ሲሞላ የሚይዘው ነው። ሁለቱም የሚጻፉት በሚሊዋት ሰዓት ነው፤ ለ1000 ስታካፍሉት ዋት ሰዓት ይሆናል። በሳይክሉ ቦታ ሰረዝ ብቻ ካያችሁ ባትሪው ቁጥሩን ለዊንዶውስ አይነግርም ማለት ነው። ግድ የለም፣ ያለሱም እንሠራለን።

ማክ ላይ ተርሚናል ከፍታችሁ ይህን ጻፉ፤ `Cycle Count`፣ `Condition` እና በአዲሶቹ ላይ `Maximum Capacity` ታገኛላችሁ፦

```
system_profiler SPPowerDataType
```

ሊኑክስ ላይ ደግሞ `energy-full` እና `energy-full-design` የሚሉትን ፈልጉ። በአንዳንድ ማሽን `BAT0` የሚለው `BAT1` ይሆናል፦

```
upower -i /org/freedesktop/UPower/devices/battery_BAT0
```

አሁን አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ሪፖርቱ እንዲህ ይላል እንበል፦ `DESIGN CAPACITY` 57,000፣ `FULL CHARGE CAPACITY` 38,190፣ `CYCLE COUNT` 431። 38,190ን ለ57,000 ስናካፍል 0.67 ይመጣል። ባትሪው ከመጀመሪያ አቅሙ 67% ቀርቶታል።

ከ80% በታች ስለሆነ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና አዲስ ባትሪ ያዛል። እናንተ አትቸኩሉ።

## ደረጃ 2፦ ላፕቶፑ የሚበላውን መለካት

እዚያው ሪፖርት ላይ ትንሽ ወረድ ስትሉ `Battery usage` የሚል ሰንጠረዥ አለ። ሰሞኑን ከቻርጀር ውጪ የሠራችሁባቸውን ጊዜያት አንድ በአንድ ያሳያል። `STATE` በሚለው ሥር `Active` የሚሉትን ብቻ ውሰዱ፤ ሌሎቹ ላፕቶፑ የተኛባቸው ናቸው። ከነሱ ውስጥ ረዘም ያለውን ምረጡ። የአምስት ደቂቃ መስመር ምንም አይነግራችሁም።

በምሳሌያችን አንዱ መስመር 1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ የቆየ ሲሆን 24,900 ሚሊዋት ሰዓት በልቷል። 24.9ን ለ1.5 ስናካፍል 16.6 ዋት ይሆናል። ላፕቶፑ በሰዓት የሚበላው ይህን ያህል ነው። ሊኑክስ ላይ ሒሳቡም አያስፈልግም፤ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ያንኑ ትእዛዝ ብትደግሙ `energy-rate` የሚለው መስመር የዚያን ሰዓት ዋት ያሳያል።

እንግዲህ እናካፍል። አሮጌው ባትሪ 38.19 ዋት ሰዓት ይዟል፣ ለ16.6 ሲካፈል 2.3 ሰዓት። አዲስ ባትሪ ቢገባ 57 ለ16.6፣ ማለትም 3.4 ሰዓት። ያን ሁሉ ወጪ አውጥታችሁ የምታገኙት ትርፍ አንድ ሰዓት ከትንሽ ደቂቃ ነው።

የቢሮ ሥራ ለሚሠራ ተራ ላፕቶፕ 16.6 ዋት ብዙ ነው። ጽሑፍ እየጻፉ፣ ጥቂት ገጾች ከፍቶ፣ የስክሪኑን ብርሃን መካከለኛ አድርጎ መሥራት በብዙ ላፕቶፖች ከ10 ዋት በታች ይጨርሳል። የጌም ማሽን ከሆነ ግን ይህን አትጠብቁ፤ እሱ ተፈጥሮው ነው።

የሚበላውን ለማግኘት `Task Manager` ክፈቱና ምንም ሳትነኩ ለጥቂት ደቂቃ ተመልከቱ። ሲፒዩውን ያለማቋረጥ የሚይዝ ፕሮግራም ካለ ያ ነው ጥፋተኛው። ብዙ ጊዜ የተረሳ የብራውዘር ታብ፣ ፋይል ሲያመሳስል የሚውል ፕሮግራም ወይም ሥራውን መጨረስ ያቃተው አፕዴት ሆኖ ይገኛል። ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ያላቸው ላፕቶፖች ላይ ካርዱን ሳያስፈልግ ቀስቅሶ የያዘ ፕሮግራም ካለ ብቻውን ብዙ ዋት ይጨምራል። ከዚያ የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ አድርጉ፤ ይህ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ።

በምሳሌያችን ይህ ሁሉ ተደርጎ ፍጆታው ወደ 9.5 ዋት ወረደ እንበል። አሮጌው ባትሪ፣ ያው 67% የቀረው፣ አሁን 38.19 ለ9.5፣ አራት ሰዓት ይሄዳል። ቅድም አዲስ ባትሪ ገብቶ ከሚገኘው 3.4 ሰዓት ይበልጣል። ባትሪው አልተነካም።

በተግባር ከዚህ ሒሳብ ትንሽ ዝቅ ይላል። ዊንዶውስ ጥቂት በመቶ ሲቀር ላፕቶፑን ስለሚያስተኛ የመጨረሻዋን ጠብታ አትጠቀሙባትም።

## ደረጃ 3፦ ፐርሰንቱ የሚዋሽ ከሆነ

ሌላ ዓይነት ቅሬታ አለ። ሰዓቱ አላጠረም፣ ግን 35% ላይ ሳለ ድርግም ይላል። ወይም ከ60% ተነስቶ በአንድ ጊዜ 22% ይሆናል። ይህ ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል፣ መለየትም ይቻላል።

የመጀመሪያው የባትሪው ቆጣሪ መሳሳቱ ነው። ባትሪው ውስጥ ያለችው ትንሽ ቺፕ የሚገባውንና የሚወጣውን ኃይል እየደመረች ትገምታለች። ለወራት ሙሉና ባዶ ካላየች ግምቷ ይዛባል። እዚህ ላይ ብቻ ነው ባትሪን እስከ መጨረሻ ማውረድ ትርጉም የሚኖረው። 100% ሙሉት፣ ከሞላ በኋላም አንድ ሁለት ሰዓት ሳትነቅሉት ተዉት። ከዚያ ነቅላችሁ ራሱ እስኪጠፋ ተጠቀሙበት። በመጨረሻ ሳታቋርጡ እስከ 100% መልሳችሁ ሙሉት። ሪፖርቱን እንደገና አውጡ። `FULL CHARGE CAPACITY` ተቀይሮ፣ ፐርሰንቱም መዝለል ካቆመ ችግሩ ቆጣሪው ነበር። ይህን ግን ልማድ አታድርጉት፤ እያንዳንዱ ሙሉ ዑደት ባትሪውን ያደክማል።

ሁለተኛው የከፋ ነው። የላፕቶፕ ባትሪ አንድ ነገር አይደለም፣ ሁለት ሦስት ወይም አራት ሴሎች ተከታትለው የተያያዙበት ነው። ከመካከላቸው አንዱ ከሌሎቹ ቀድሞ ከደከመ ጠቅላላው በሱ ልክ ይሄዳል። ሌሎቹ ገና ኃይል እያላቸው የደካማው ቮልቴጅ ከተፈቀደው በታች ይወርድና የባትሪው መቆጣጠሪያ ሁሉንም ያጠፋል። ምልክቱ ይህ ነው፦ ላፕቶፑ ቀለል ያለ ሥራ ላይ ደህና ይሄዳል፣ ቪዲዮ ጥሪ ወይም ከባድ ፕሮግራም ሲከፈት ግን ገና 30% እያለ ይጠፋል። ቆጣሪውን ካስተካከላችሁ በኋላም ይህ ከቀጠለ በማስተካከል የሚድን ነገር የለም። ይህ ባትሪ ሒሳብ አያስፈልገውም፣ ይቀየር።

## ደረጃ 4፦ መወሰን

አሁን ጥያቄው አንድ ነው። ከቻርጀር ውጪ ስንት ሰዓት ያስፈልጋችኋል?

በምሳሌያችን የላፕቶፑ ባለቤት ከቻርጀር ርቆ የሚሠራው አምስት ሰዓት ነው እንበል። 5 ሲባዛ በ9.5፣ 47.5 ዋት ሰዓት ያስፈልገዋል። አሮጌው የያዘው 38.19 ነው፣ አይበቃም። አዲሱ 57 ነው፣ ስድስት ሰዓት ይሰጠዋል። ለዚህ ሰው መቀየር ተገቢ ነው። ያንኑ ላፕቶፕ ሌላ ሰው ቢይዘውና ከሶኬት የሚርቀው ለሁለት ሰዓት ስብሰባ ብቻ ቢሆን 19 ዋት ሰዓት ይበቃዋል። ባትሪው ለሱ ገና ሁለት እጥፍ አለው። አንድ ባትሪ፣ አንድ 67%፣ ሁለት መልስ። እኔ 80% የሚለውን እንደ መተኪያ መስመር የማልወስደው ለዚህ ነው።

አሮጌው ጠርዝ ላይ ከሆነ፣ ማለትም የሚያስፈልጋችሁና የሚይዘው ከተቀራረቡ፣ ሪፖርቱ ላይ `Battery capacity history` የሚለውን ተመልከቱ። በየሳምንቱ የነበረውን አቅም ያሳያል። በዝግታ እየወረደ ከሆነ ጊዜ አላችሁ። ለዓመታት በዝግታ ወርዶ ካለፉት ጥቂት ወራት ወዲህ ቁልቁል ከሄደ ግን ያረጀ ባትሪ መጨረሻው ላይ እንዲህ ይሆናልና አትጠብቁ።

ከዚህ ሁሉ ሒሳብ የሚቀድም አንድ ነገር አለ፤ እሱም ማበጥ ነው። ታችፓዱ እንደ ድሮው አልጫን ካለ፣ ወይም ከፍ ብሎ ከወጣ፣ የላፕቶፑ የታች ክዳን ከጎን ከተከፈተ፣ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡት ከተወዛወዘ፣ ባትሪው ውስጥ ጋዝ ተፈጥሮ አብጧል። አቅሙ 90% ቢልም አይጠቅምም። አጥፉት፣ ቻርጀር አትስኩበት፣ አትጫኑት፣ ጋዙን ለማስወጣት ብላችሁ በፍጹም አትውጉት። የተወጋ ሊቲየም ባትሪ በእሳት ይያያዛል።

## ደረጃ 5፦ ከቀየራችሁ

አዲስ ባትሪ የሚፈለገው በላፕቶፑ ስም አይደለም። አንድ ሞዴል ሁለት ሦስት ዓይነት ባትሪ ይዞ ሊወጣ ይችላል፣ ቅርጻቸውና የሽቦ መሰኪያቸውም ይለያያል። የጀርባውን ክዳን ክፈቱና አሮጌው ባትሪ ላይ የተጻፈውን የክፍል ቁጥር፣ ቮልቴጁንና ዋት ሰዓቱን አንብቡ፤ ፎቶ አንሱት። ያንኑ መጠን ያለው ባትሪ ከኦሪጅናሉ እጅግ የበለጠ ዋት ሰዓት አለኝ ካለ አትመኑት። የተመረተበትንም ቀን እዩ፤ ሦስት ዓመት መደርደሪያ ላይ የቆየ "አዲስ" ባትሪ ቁጭ ብሎ አርጅቷል።

ከመክፈታችሁ በፊት አሮጌውን ወደ 25% ገደማ አውርዱት፤ ኃይሉ ያነሰ ባትሪ በስህተት ቢጎዳ አደጋው ይቀንሳል። አጥፉት፣ ማስተኛት ብቻ አይደለም። ቻርጀሩን ንቀሉ። ክዳኑ ሲነሳ ከምንም በፊት የባትሪውን መሰኪያ ከቦርዱ ላይ አላቁ፣ ሽቦውን ሳይሆን መሰኪያውን ይዛችሁ። ባትሪው በማጣበቂያ የተያዘ ከሆነ በብረት ነገር አትፈንቅሉት። ይህ ዓይነቱ ለባለሙያ ቢሰጥ ይሻላል።

አዲሱ ከገባ በኋላ የላፕቶፑ አምራች ያዘጋጀውን የቻርጅ ገደብ ፈልጉ። በሌኖቮ `Lenovo Vantage`፣ በአሱስ `MyASUS` ውስጥ አለ፤ ብዙ የኤችፒና የዴል ላፕቶፖች ላይ ባዮስ ውስጥ ይገኛል። ላፕቶፑ ብዙውን ጊዜ ተሰክቶ የሚውል ከሆነ 80% ላይ እንዲያቆም አድርጉት። ሩቅ በምትሄዱበት ቀን ዋዜማ ወደ 100% መልሱት።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ግን ገደቡን ሳታበሩ በሙሉ ሙሌት ተጠቀሙበትና ሪፖርቱን እንደገና አውጡ። `FULL CHARGE CAPACITY` ባትሪው ላይ ከተጻፈው ጋር መቀራረብ አለበት። የሚታየውን ቁጥር ብቻም አትመኑ፣ ቺፑ ላይ የፈለጉትን መጻፍ ይቻላል። ደረጃ 2 ላይ የሠራችሁትን ሒሳብ ድገሙ፦ የያዘው ዋት ሰዓት ለፍጆታው ሲካፈል የወጣው ሰዓትና ላፕቶፑ በእርግጥ የሄደው ሰዓት መመሳሰል አለባቸው። ስድስት ሰዓት ወጥቶ ሦስት ተኩል ላይ ከጠፋ ባትሪው የተጻፈበትን አይደለም፣ የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ ሪፖርቱን ይዛችሁ መልሱት።